«እሞክራለሁ» ካልኩ በኋላ እንዴት «አልመጣም» ልበል?

ሰላም ለእርስዎ። የምኖረው አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ሱ ፎልስ በምትባል ከተማ ነው። በአረጋውያን መንከባከቢያ የነርስ ረዳት ነኝ። በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እሠራለሁ። ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ዓርብ ስለሚውል ሚኒያፖሊስ ያሉ የደሴ ልጆች ዝግጅቱን ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት አድርገውታል። ያ ቅዳሜ የእኔ የሥራ ቅዳሜ ነው፤ መንገዱም በመኪና አራት ሰዓት ይፈጃል።

የጠሩኝ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው እናት ናቸው። አሜሪካ እንደገባሁ ሰባት ወር ቤታቸው አኑረው ሥራ እስክይዝ አንድ ብር አላስወጡኝም። ባለፈው ዓመት ሁለት ጊዜ ጠርተውኝ ሁለቱንም ጊዜ ቀርቻለሁ። አሁን ሲደውሉ «አልችልም» ማለት አቅቶኝ «እሞክራለሁ» አልኳቸው። አንዷ ጓደኛዬ «ታምሜአለሁ ብለሽ ከሥራ ቅሪ» ትለኛለች። ሌላዋ ደግሞ «ለእማማ ታምሜአለሁ በያቸው» ትላለች። እዚያ ያሉ አንዳንዶች «ኮርታለች» እንደሚሉኝም ሰምቻለሁ። ሦስት ሳምንት ቀርቷል። ምን ብዬ ልንገራቸው?

የሌሊት ተረኛዋ

*

እህቴ፣ ደብዳቤሽን አንብቤ እንደጨረስኩ ወረቀት አውጥቼ ያንን ቅዳሜ በሰዓት በሰዓት ጻፍኩት። እኔም ስድስት ዓመት ሌሊት ስለሠራሁ ይህን ሒሳብ ሳልሠራ ምክር መስጠት አልደፍርም። ዓርብ ከቀትር በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከእንቅልፍሽ ነቃሽ እንበል። ሌሊቱን ሠርተሽ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ትወጫለሽ። ወዲያው ብትነጂ ሚኒያፖሊስ የምትደርሺው 5 ሰዓት ላይ ነው። ማታ 1 ሰዓት ሥራሽ ላይ ለመገኘት፣ ለመንገድ እክል አንድ ሰዓት መጠባበቂያ ብትይዢ፣ ከሚኒያፖሊስ መነሳት ያለብሽ ልክ 8 ሰዓት ላይ ይሆናል። ዝግጅቱ ይጀመራል የተባለበት ሰዓት ማለት ነው። የእኛን ነገር ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ 8 ሰዓት የተባለ ዝግጅት ሰው የሚሞላው 11 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ ስምንት ሰዓት ሙሉ ነድተሽ የምታዪው ወንበር ሲደረደር ነው።

በዚያ ላይ እንቅልፍ አለ። ስትደርሺ ከነቃሽ 19 ሰዓት ሆኖሻል፣ ስትመለሺ 26። ያለ እንቅልፍ 24 ሰዓት የቆየ ሰው አእምሮው የሚሠራው በደሙ ውስጥ 0.10 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ነው። በአሜሪካ አብዛኞቹ ግዛቶች ደግሞ 0.08 ላይ የደረሰ አሽከርካሪ እንደ ሰካራም ይከሰሳል። መንገዱ ሜዳና የበቆሎ ማሳ ብቻ ነው፤ ዓይንን የሚያነቃ ተራራ ወይም ጠመዝማዛ የለውም። ከዚያም ገብተሽ እስከ እሑድ ጠዋት አረጋውያን ልታነሽና ልታገላብጪ፣ ሽንት ቤት ልታደርሺ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ተራዎች መካከል ደርሶ መመለስ የሚባለውን ነገር ተይው። እማማም ቢሆኑ ሒሳቡን ቢያውቁት ኖሮ አይጠሩሽም ነበር።

የሚያሳዝነው እማማ ይህን አለማወቃቸው ነው። ርቀትን በማይል ብትነግሪያቸው ምንም አይገባቸውም። እኔ ግን አንድ ነገር ልብ አልኩ። ከሱ ፎልስ ሚኒያፖሊስ ወደ 240 ማይል ነው፤ በኪሎ ሜትር ወደ 385 ይሆናል። ከአዲስ አበባ ደሴ ደግሞ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። «እማማ፣ ከአዲስ አበባ ደሴ ሄዶ በዚያው ቀን እንደ መመለስ ነው» ብትያቸው ጣርማ በርን በአውቶቡስ ወጥተው ያውቃሉና አንድም ተጨማሪ ማብራሪያ አያስፈልግሽም።

«አልመጣም» ከማለትሽ በፊት ግን አንድ ጊዜ፣ በእውነት አንድ ጊዜ፣ ተራ ለመቀያየር መሞከር ያለብሽ ይመስለኛል። ይህን የምልሽ መሄድ አለብሽ ብዬ ሳይሆን፣ እማማ «አስፈቅደሽ ነበር?» ሲሉሽ ሳትዋሺ «አዎ» እንድትይ ነው። አለቃሽ ጋ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። መጀመሪያ የሚቀይርሽ ሰው ፈልጊ፣ ከዚያ ሁለታችሁም ተስማምታችሁ በጽሑፍ አቅርቡ። ብዙ ጊዜ ቅያሬው የሚከለከለው ለክፋት ሳይሆን የቀየረሽ ሰው በሳምንት ከ40 ሰዓት ሲያልፍ ቀጣሪው ለትርፉ ሰዓት አንድ ተኩል እጥፍ መክፈል ስለሚኖርበት ነው። ስለዚህ በዚያው ሳምንት ውስጥ አንድ የእሷን ሌሊት ውሰጂላት፤ የሁለታችሁም ሰዓት አይለወጥም። ካልተጻፈና ካልጸደቀ ደግሞ ቅያሬ አለ አትበይ። ልጅቷ ከቀረች የቀረሽው አንቺ ነሽ።

በእጅሽ ያለውን መደራደሪያ ያወቅሽው አይመስለኝም። ፈረንጆቹ የሥራ ባልደረቦችሽ በዲሴምበር 24 እና 25 ሌሊት ቤታቸው መሆን ይፈልጋሉ። የእኛ ገና በጃንዋሪ 7 ነው፤ ያኔ እነሱ ዛፋቸውን እንኳ አውርደውታል። «የገናን ሌሊት እኔ እሠራልሻለሁ፣ ያቺን ቅዳሜ ስጪኝ» ብትያት ከመቶ ዶላር የሚበልጥ ስጦታ ነው። ኅዳር ላይ ያለውም የምስጋና ቀናቸው እንደዚሁ ነው። ፋሲካ ላይ ብቻ ተጠንቀቂ፤ እንደ 2017 ዓ.ም. የሁለታችንም ፋሲካ በአንድ ቀን የሚውልበት ዓመት አለና ሳታዪ ቃል አትግቢ።

የቅዳሜ ሌሊት ብቻ እንኳ ቢለቀቅልሽ ነገሩ ይለወጣል። ዓርብ ሌሊት ሠርተሽ ቅዳሜ ጠዋት ከ2 እስከ 7 ሰዓት ትተኛለሽ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ትደርሻለሽ፣ እሱም ዝግጅቱ በእውነት የሚጀመርበት ሰዓት ነው። እማማ ቤት አድረሽ እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተነሽ፣ 7 ሰዓት ቤትሽ ግቢና ለማታው ተራ አራት ሰዓት ተኚ። ጠባብ ነው፣ ግን ይቻላል። ለዚህ ሙከራ ለራስሽ አራት ቀን ስጪ። በአምስተኛው ቀን መልስ ከሌለ፣ መልሱ መጥቷል፤ «አይሆንም» ነው። ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ቀን የእማማ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም፤ ምክንያቱም እሳቸው እየጠበቁ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መልሱን ለእኔ መጻፍ አያስፈልግሽም። የሥራ ሠንጠረዡ ወጥቶ ያ ቅዳሜ የአንቺ መሆኑን ስታዪ ያዘንሽው ብቻ ነው ወይስ ትንሽ ተንፍሰሻል? አዳራሹ ውስጥ «እስካሁን አላገባሽም?»፣ «ትምህርቱስ የት ደረሰ?»፣ «ለቤተሰብ ስንት ትልኪያለሽ?» የሚሉ እንዳሉ አውቃለሁ። እንደዚያ ከሆነ ነውር የለውም። ግን የሸሸሽው አዳራሹን ከሆነ እማማን አብረሽ እየሸሸሽ መሆኑን አስተውይ። ሁለቱን ለይተሽ ማየት ትችያለሽ፤ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

የጓደኞችሽን ምክር ሁለቱንም ጣይው። «ታምሜአለሁ» ብለሽ ከሥራ ብትቀሪ እኛ የምናነሳውን ፎቶ ብዛት አስቢ። ገና እስክስታው ሳያልቅ ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ ፌስቡክ ላይ ትወጫለሽ፤ አብረውሽ ከሚሠሩት አንዷ እዚያ ጓደኛሽ ብትሆን አለቀልሽ። ደግሞም ሌሊት አንድ ወለል የምትይዙት ሁለት ሦስት ሰዎች ናችሁ፤ አንቺ ስትቀሪ ሸክሙ የሚወድቀው በአለቃሽ ላይ ሳይሆን በአጠገብሽ ባለችው ረዳት ላይ ነው። ለእማማ «ታምሜአለሁ» ማለትሽ ደግሞ ይብሳል። በእኛ ዘንድ በሽታ ከጥሪ አያስቀርም፤ ጥሪው ራሱ ተነስቶ ወደ አንቺ ይመጣል። በማግስቱ ሦስት መኪና ሙሉ ሰው ሾርባና የጸበል ጠርሙስ ይዞ አራት ሰዓት ነድቶ በርሽን ቢያንኳኳ ምን ታደርጊያለሽ?

አሁን ወደ «እሞክራለሁ» እንምጣ። ጥፋትሽ ይህች ቃል ናት፤ ሌላ ጥፋት አላየሁብሽም። አንቺ ስትይው «አልችልም፣ ግን እንዳይከፋዎት» ማለትሽ ነበር። እማማ የሰሙት ግን «እመጣለሁ» ነው። ለትልቅ ሰው «እሞክራለሁ» ያለ ሰው፣ «እግዚአብሔር ካለ» ያለ ሰው፣ ሲቆጠር ከሚመጡት ጋር ነው የሚቆጠረው። እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ወዳጄ ልጅ ክርስትና ነው። ያኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። «እሞክራለሁ» አልኩና ቀረሁ፤ መቅረቴንም የነገርኳት በማግስቱ በጽሑፍ መልእክት ነበር። ከወር በላይ ቆይቼ ቤቷ ስሄድ ማቀዝቀዣዋን ከፍታ በፎይል የተጠቀለለ ነገር አወጣች። በላዩ ላይ ስሜ በጥቁር ቀለም ተጽፏል። ስትፈታው ዶሮ ወጥ ነው፣ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል፤ የእንቁላሉ ነጭ በበረዶ ተሰነጣጥቋል። አሥራ ሁለቱን ብልት ስታድል የእኔን ቆጥራ አስቀምጣ ነበር። አልተቆጣችኝም፣ «ድርሻሽ ነው» ብቻ አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ያን ቃል ለጥሪ መልስ አድርጌው አላውቅም።

ስለዚህ ደውዪ። በጽሑፍ አትላኪ፣ በድምፅ መልእክትም አትተዪ፣ «ንገሪልኝ» ብለሽ በሌላ ሰውም አታሳብሪ። የምሥራቹን ሰው ሊያደርሰው ይችላል፤ መቅረትሽን ግን ከአንቺ አፍ መስማት አለባቸው። ሰላምታው ይርዘም፣ ወገባቸውን፣ ልጆቹን፣ ደሴ ያሉትን ጠይቂ። ምክንያቱ ግን ይጠር። አራት ምክንያት ከደረደርሽ አራቱም ውሸት ይመስላሉ። እኔ ብሆን እንዲህ እላለሁ፦

«እማማ፣ ባለፈው እሞክራለሁ ብዬዎት ነበር። ልክ አልነበርኩም፤ ያኔም እንደማልችል አውቅ ነበር፣ እርስዎን እምቢ ማለት ከብዶኝ ነው። ዘንድሮ ለእንቁጣጣሽ አልመጣም። ዓርብም ቅዳሜም ሌሊት ሥራ አለብኝ፣ መንገዱም ከአዲስ አበባ ደሴ ነው። ወንበር ይዘው እንዳይጠብቁኝ ብዬ ነው ዛሬ የደወልኩት።»

እማማ ዝም አይሉሽም። «አንድ ቀን ብታስፈቅጂ ምናለበት?» ይላሉ። «ጠይቄ ነበር፤ የሚቀይረኝ አጣሁ» ትያለሽ፣ ጠይቀሻልና። ከዚያ «በሞቴ!» ይመጣል። ይህ የክርክር ነጥብ አይደለም፤ የፍቅር ወግ ነው። እንግዳ ሦስት ጊዜ ካልተለመነ እንዳልተጠራ ይቆጠራል፣ እሳቸውም ወጉን እያደረሱ ነው። አዲስ ምክንያት አትፈልጊ። «እማማ፣ እባክዎ በሞቴ አይበሉኝ፤ ጨክኜ እንዳልሆነ ያውቁታል» ካልሽ በኋላ ወዲያው ቀን ስጪያቸው። እምቢታሽን የሚያለዝበው ይቅርታ መደጋገምሽ ሳይሆን ይህ ቀን ነው።

ቀኑም አለሽ። በየሁለት ሳምንቱ ከሆነ የምትሠሪው፣ ከዝግጅቱ ቀጥሎ ያለው ቅዳሜና እሑድ ነፃ ነሽ። መስቀል ግን እንዳትይ፤ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስለሚመጣ ተመልሶ በሥራሽ ቀን ላይ ነው የሚወድቀው። «በሚቀጥለው ቅዳሜ እመጣለሁ፣ ቤትዎ አድራለሁ» በያቸው፤ ያን ዕለት ማታም የዚያን ሳምንት የመኪና ዘይትና ጎማ እንደምታዪ ሁሉ የሥራ ሠንጠረዡን ደግመሽ እይ። ይህኛው ቃል ከታጠፈ እኔም ላድንሽ አልችልም። እንግዲህ አዳራሹንና እማማን ለይተሽ ማየት ትችያለሽ ያልኩሽ ይህን ነበር። በበዓሉ ዕለት ሁለት መቶ ሰው መካከል እማማን የምታገኚያቸው ትሪ ይዘው ሲያልፉ ነው። ከሳምንት በኋላ ግን ወጥ ቤታቸው ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ቡናውን ራስሽ ትቆያለሽ፣ ከአቦል እስከ በረካ ትጠጫለሽ፣ ማን መጣ ማን ቀረ የሚለውንም ሁሉ ከእሳቸው ትሰሚያለሽ። እሳቸውም በሰባቱ ወር ያወቋትን ልጅ ያገኟታል።

ለአዘጋጆቹ ደግሞ ለብቻቸው ንገሪያቸው፤ ከእማማ ቀጥሎ ግን፣ በዚያው ቀን። ለእነሱ ጽሑፍ ይበቃል፦ «ለዝግጅቱ በሥራ ምክንያት አልገኝም። ምግብ ስታዝዙ እንዳትቆጥሩኝ። መዋጮዬን ዛሬ ልኬአለሁ፤ መልካም በዓል።» ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ ከደረሳቸው እንጀራው ሳይታዘዝ ስምሽ ይወጣል። መዋጮውን ሙሉውን ላኪ፤ ያልበላሁትን ለምን ልክፈል የሚባልበት ቦታ አይደለም። የአዳራሹ ኪራይ በሰው ቁጥር አይቀንስም፣ ዝርዝሩ ላይ ስምሽን ያየ ሰውም «ኮርታለች» ለማለት ትንሽ ያፍራል።

«ኮርታለች» ስላሉሽ ሰዎች ብዙ አልልም። እነሱን ለማሳመን ደውለሽ ተራሽን አትተርኪ። እማማ የሚያውቁት ነገር በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል፤ «ልጄ ደውላልኛለች፣ ሌሊት ሌሊት ሽማግሌ ስታነሳ ነው የምታድረው» ብለው አንድ ጊዜ ከተናገሩ አንቺ መቶ ጊዜ ከምታስረጂው ይበልጣል። ለዚህም ነው መጀመሪያ እሳቸው ይወቁ የምለው።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ዝግጅቱ ቅዳሜ ቢሆንም በዓሉ ዓርብ ነው፤ ዓርብ ጠዋት ደግሞ ነፃ ነሽ። ማንም ሳይቀድምሽ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደውለሽ «እንኳን አደረሰዎ» በያቸውና ከዚያ ለማታው ተራ ተኚ። ቅዳሜ ግን፣ እነሱ ሲጨፍሩ በስልክ ካላየሁ ብለሽ የቀን እንቅልፍሽን አትስበሪ።

ስለ መቅረትሽ የምትነግሪያቸውን ስልክ ደግሞ በሥራ እረፍት ላይ ኮሪደር ቆመሽ እንዳታደርጊው፤ አንድ ደወል በጠራ ቁጥር ስትሮጪ ነገሩ ሳያልቅ ይቋረጣል። በማትሠሪበት ቀን፣ ቡና ሲያቀራርቡ ደውዪ። ስልኩን ልጃቸው ካነሳው መልእክት አትተዪ፤ «እማማን ስጠኝ» በይውና እስኪመጡ ጠብቂ።